በማስመሪያ የተሰረዘ ዕቅድ

የማታ ተማሪዎቹ «አምስት ደቂቃ» ይሉታል። የሃይማኖቶች ትምህርት ማስተማር ከጀመረ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ክፍል ሲገባም ከሰላምታ በፊት የሚናገረው አንድ ነገር አለው። ከፈተናው አርባ አምስት ደቂቃ በመጀመሪያዎቹ አምስት ዕቅድ ሳታወጡ ድርሰት እንዳትጀምሩ። ጎበዝ መምህር ነው፣ ይህን ማንም አይክደውም። ችግሩ ጉብዝናውን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው እሱ ራሱ መሆኑ ነው።

«ሁለት ሃይማኖት አወዳድሩ ስትባሉ ክርስትናን ጨርሳችሁ ቡድሂዝምን ከጀመራችሁ፣ ሁለት ድርሰት ጻፋችሁ እንጂ አላወዳደራችሁም» ይላቸዋል። «ሥቃይ ከየት መጣ? ትርጉም አለው ወይ? እንዴትስ ያበቃል? በእያንዳንዱ ጥያቄ ሥር ሁለቱን ጎን ለጎን አምጧቸው። ፍርዳችሁን መጨረሻ ላይ ስጡ።»

ከዚያ የራሱን ፈጠራ ይጨምርበታል። ዕቅዱ እንዳለቀ በማስመሪያ አንድ ንጹሕ መስመር አስምራችሁ ሰርዙት፣ አራሚ ዝርክርክ ወረቀት አይወድም። ይህን ማን ነገረው? ማንም። ንጽሕና ይወዳል፣ አበቃ።

ከተማሪዎቹ አንዷ የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ናት፤ አርባ ዓመት አልፏታል። ፈተናውን ካለፈች ሆስፒታሉ ሕሙማንን ወደሚያጽናናው ክፍል ሊያዛውራት ቃል ገብቶላታል። ሴት ልጇ ያረፈችው እሷ በየቀኑ በምትወለውለው ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ቀን መምህሩ፣ ቡድሂስቶች የሥቃይ ሥሩ መመኘትና አለማወቅ ነው ይላሉ ሲል እጇን አወጣች።

«ልጄን መፈለጌ ነው እንግዲህ ጥፋቱ?»

«ጥፋት አይሉትም። የሚያልፈውን እንዳያልፍ ሙጭጭ ማለት ነው ይሉታል።»

«ክርስትናስ?»

«አንዱ መልስ፣ ክርስቶስም ተሰቃይቷልና በሥቃይሽ ብቻሽን አይደለሽም የሚል ነው።»

«ሁለቱም ልጄን አልመለሱልኝም። ጎን ለጎን ሳያቸው ግን ቀለል ይለኛል።»

በሃያ ሁለት ዓመት ከተማሪ አፍ እንዲህ ያለ ነገር አልሰማም ነበር። ትዝ ባለው ቁጥር ደስ እያለው ነው ያን ቀን ቤቱ የገባው።

ውጤት ሲወጣ አርባ ሰባት አመጣች፤ ማለፊያው ሃምሳ ነው። መምህር የተማሪውን ወረቀት ማየት ይፈቀድለታልና እሷን ደጅ አቁሞ ፈተና ቢሮ ገባ። ወረቀቷን ሲገልጥ ነገሩ ገባው። የመጀመሪያው ጥያቄ አምሮላታል። «ትርጉም አለው ወይ?» የሚለው ላይ ሁለት ገጽ ሙሉ ቆይታለች፤ ሦስተኛውን ሳትጀምር ሰዓት አልቋል። ዕቅዷ ላይ ግን ሁሉም አለ። በአንድ በኩል ትንሣኤ፣ በሌላው ባለ ስምንት ዘርፉ የቡድሃ መንገድና የሥቃይ ማብቂያ የሆነው ኒርቫና፣ ከሥር ፍርዷ፤ «አንዱ ሥቃይን ተሸክሞ ያልፋል፣ አንዱ ሥሩን ይነቅላል፤ ሁለቱም ግን የሚሰቃየውን እዘኑለት ይላሉ።» በላዩ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ተሰምሯል።

«ተማሪዋ ባትሰርዘው ኖሮ እናነበው ነበር፣ ጋሼ» አለችው የቢሮው ኃላፊ። «ድርሰቱ ሳያልቅ ሰዓት ከደረሰ ዕቅዱ ይታያል። የተሰረዘ ግን አይታረምም። መመሪያው ላይ አለ እኮ፣ በየዓመቱ እንልክላችኋለን።»

መመሪያው መሳቢያው ውስጥ ነው፣ ፖስታው እንኳ አልተከፈተም።

«መምህሯ ነው ሰርዢ ያላት ተብሎ ቢጻፍስ?» አላት፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ።

«መምህሩ ራሱ ጽፎ ከፈረመ ኮሚቴው ያየዋል። እስከ ዓርብ።»

ወረቀት ለመነ፣ ሰጠችው። «እኔ» ብሎ ጀመረ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስንቱን እንዳሰረዘ፣ ከነሱ ስንቱ በሁለትና በሦስት ነጥብ እንደወደቀ አሰበ። ይህች ደብዳቤ ከተጻፈች ነገ የመምህራን ክፍል መሳቂያ ይሆናል። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና የጀመረውን ደብዳቤ አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። እስከ ዓርብ ገና ነው አለ ለራሱ። ዓርብም መጣ፣ አለፈ።

ያን ቀን ከቢሮው ሲወጣ ደጅ ቆማ ትጠብቀው ነበር። «ምኑ ላይ ነው የሳትኩት፣ መምህር?»

«ሰዓት ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ቆየሽ።»

ውሸት አይደለም፤ የቀጣፊ እውነት ነው።

«እኔው ነኛ» አለች። «ልጄ ጋ ስደርስ እጄ አልላቀቅ አለኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ልፋትዎን መና አስቀረሁት።»

ይቅርታዋን ተቀበላት። ይህን ያደረገ ሰው ነው እንግዲህ ስለ ሥቃይ የሚያስተምረው።

ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ፣ እሷም ወደ መወልወያዋ ተመለሰች። በአዲሱ ዓመት ግን ያው ክፍል ውስጥ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኛት።

«ዕቅዳችሁን አትሰርዙት» አለ መምህሩ፣ ዓይኑን ሰሌዳው ላይ ተክሎ።

እጇን አወጣች። «አምና ሰርዙ ብለውን ነበር።»

«ደንቡ ዘንድሮ ተቀይሮ ነው።»

አመስግናው ጎንበስ አለችና ደብተሯ ላይ ጻፈችው።