የሙሉሰው «በቅርብ ቀን»

ሌንሳ ለቡ ያለ አንድ የኮንሰርት አዘጋጅ ቢሮ ውስጥ የማኅበራዊ ገጾቹን ጽሑፍ መጻፍ ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው። ካላጋነነ መናገር የማይችለውን አለቃዋን ሙሉሰውን መናቅ የጀመረችው ግን በመጀመሪያው ወር ነበር።

የሚያዝያ 24ቱ ኮንሰርት ሦስት ቀን ሲቀረው የፈቃዱ ነገር ተበላሸ። ማመልከቻውን ሙሉሰው መሳቢያው ውስጥ ረስቶት ከርሞ ነበር። ጥፋቱን ሊያምን ግን አልፈለገም። ለሌንሳ እንኳ ሳይነግራት ገጹ ላይ እንዲህ ብሎ ለጠፈ፦ «ውድ የጥበብ ቤተሰቦች፣ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት እጅግ በደመቀ ዝግጅት በቅርብ ቀን እንገናኛለን»።

ቀን የለው፣ ስለ ቲኬት ገንዘብ የሚል የለው። ሌንሳ አንብባው ስትጨርስ የእሱ ጽሑፍ የእሷ ሥራ ነው ከሚባል ስሟን ብትለውጥ መረጠች።

ከሰዓት በፊት መካኒሳ አቦ ሱቃቸው ውስጥ ቲኬት የሚሸጡት እትዬ ገዲሴ ደወሉ። ሌንሳ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ ሙሉሰው ፊት አስቀመጠችው።

«ልጄ፣ ሰዉ ሱቄን ሞልቶታል። ቀርቷል ወይስ ተራዝሟል? ብሬን መልሱ ሲለኝ ምን ልበል?»

«ታገሱ በሏቸው፣ እትዬ» አለ ሙሉሰው።

«እስከ መቼ? የሚያውቁት እኮ እኔን ነው።»

ስልኩ ሲዘጋ ሌንሳ ወደ እሱ ዞረች። «አዳራሹ ግንቦት 22ን ይዞልናል። ቀኑንም ተመላሹንም ልጻፈው?»

«ተመላሽ ካልሽማ ሁሉም ይመልሳል።»

«ካላልን ደግሞ ሁሉም ሌባ ይለናል፣ ጋሽ ሙሉሰው።»

እሱ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞረ። እሷም አለመከልከሉን እንደ ፈቃድ ቆጥራ የእሱን ጽሑፍ አጥፍታ የራሷን አስገባች፦

«ለሚያዝያ 24 የታቀደው ኮንሰርት ወደ ቅዳሜ ግንቦት 22 ከቀኑ 10 ሰዓት ተራዝሟል። ቦታው አልተለወጠም። የፈቃድ ማመልከቻውን በጊዜ ባለማስገባታችን ይቅርታ እንጠይቃለን። የያዛችሁት ቲኬት በአዲሱ ቀን ይሠራል። ገንዘብ መመለስ የምትፈልጉ እስከ ግንቦት 10፦ የወረቀት ቲኬት የገዛችሁ ቲኬቱን ይዛችሁ ወደ ገዛችሁበት ሱቅ ሂዱ። በስልክ የከፈላችሁ የክፍያ ቁጥሩንና የከፈላችሁበትን ስልክ በገጹ የመልእክት ሳጥን ላኩልን፤ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ በዚያው ስልክ ይመለስላችኋል። የይለፍ ቃል ለማንም አትስጡ።»

«ባለማስገባታችን» የሚለውን ሲያይ ሙሉሰው ፊቱ ጠቆረ። «ሰርዢው» ግን አላለም፤ አስተያየት መስጫው ላይ ስድቡ ሲቀዘቅዝ እያየ ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት ከስድስት መቶ ቲኬት የተመለሰው አርባ አንድ ብቻ ሆነ። በቀጣዩ ሐሙስ የኮንሰርቱ ስፖንሰሮች ቢሮ ሲመጡ ሙሉሰው ስልኩን ዘርግቶ ማስታወቂያውን አሳያቸው። «ግልጽነት የኔ መርህ ነው፤ ቃል በቃል ያጻፍኳት እኔ ነኝ» አላቸው።

ሌንሳ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። መልእክት ሳጥኑ ውስጥ አንዲት ሴት የክፍያ ቁጥሯን አንድ አሃዝ አጉድላ ልካ ነበርና፣ እንድታስተካክል እየጻፈችላት ነበር።