ፈጥነው ይምጡ

በጣልያን ጊዜ ሮቢት ላይ ሸማኔ ነበርሁ፤ ለሸማኔነት ደግሞ እንደኔ ያለ ችኩል አልተፈጠረም። ያን ዓመት ድር ጠፋ። ማጉን እናቴ ትፈትልልኛለች፤ ድሩ ከሌለ ግን ምን ላይ ይሸመናል? ሥራ ከፈታሁ የሚጠብቀኝ የጣልያን መንገድ ሥራ ነው። ታላቅ ወንድሜ እዚያ ገብቶ ወባ በሳምንት ጨርሶታል። እናቴ ሁለተኛ ልጇን እንዳትቀብር ሰግዳ በተነሳች ቁጥር ታለቅስ ነበር።

አሊዩ አምባ ድር ያላቸው ነጋዴ አሉ ብሎ አንድ ግመለኛ ነገረኝ። አላውቃቸውም፣ አያውቁኝም። ቢሆንም ቁጭ ብዬ ጻፍሁ፦ «ድር በብዛት የምፈልግ ሰው ነኝ። ጁምዓ ጠዋት ናሙና ይዘው ድልድዩ ድረስ ፈጥነው ይምጡ። እጠብቅዎታለሁ።» ወላሂ፣ ኮራሁበት!

እንዲያሳምሩልኝ ገበያ ዳር ወደሚቀመጡት ሽማግሌ ደብዳቤ ጸሐፊ ወሰድሁት። ገበያው የዚያን ሰሞን ደስ አይልም ነበር። ነጋዴዎች አንድ ቀን ይቀሩና በዚያው ይጠፋሉ። የት ሄዱ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ባዶ ቦታቸው ላይም ደፍሮ የሚቀመጥ የለም።

ሽማግሌው ወረቀቴን ማንበብ ጀመሩ። ከንፈራቸውን አየሁት፤ ከዓይናቸው ይቀድም ነበር። ዓይናቸው «ናሙና» ላይ ሳለ አፋቸው «ፈጥነው ይምጡ» ይላል። 

«ጋሼ፣ ከዚህ በፊት አይተውታል እንዴ?»

ወረቀቴን ቀዳደው ከእግራቸው ሥር ቀበሩት።

«ይህ የሚላክላቸው ሰውዬ ምንህ ናቸው?» አሉኝ።

«ምኔም አይደሉም።»

«ታዲያ በምን አፍህ ነው ና የምትላቸው? ሥራ ያላቸው ሰው ናቸው። ማን እንደሆንህ ንገራቸው፣ ስማቸውን ከማን እንደሰማህ ንገራቸው፣ አንዲት ነገር ብቻ ጠይቅ። ቆመው አንብበው እንዲጨርሱት አጭር ይሁን። እምቢ ማለት እንዳይከብዳቸውም በሩን ክፈትላቸው።»

እንዲህ ብለው ጻፉልኝ፦ «ሮቢት የምኖር ሸማኔ ነኝ። ስምዎን የነገረኝ ይህን የያዘው ግመለኛ ነው። የምፈልገው ድር ቅንጣቢ ከዚህ ጋር ታስሯል። ካለዎት ከድርዎ አንድ ስንዝር ይስጡት፤ በሚመችዎ ቀን እኔው እመጣለሁ። ከሌለዎት ወይም ካልተመቸዎት ባዶ እጁን ይመለስ፤ አልቀየምም።»

ጽሕፈታቸው ቆንጆ ነው፤ «ሰ» ብቻ አንድ እግሯ ያጥራል። «ጋሼ፣ የእርስዎ ሰ ታነክሳለች» ብዬ አሾፍሁባቸው። አልሳቁም።

«በኔ እጅ የተጻፈውን አትላከው» አሉ። «በራስህ እጅ ገልብጠው።»

ታዲያ ምን ልሠራ መጣሁ ብዬ በሆዴ እየተነጫነጭሁ ገለበጥሁት።

ከዚያ በኋላ ያለው ጥበቃ አይወራ። ባዶው የሽመና ጉድጓዴ ውስጥ እግሬን ሰድጄ እውላለሁ። እናቴ ማጉን ትፈትላለች፣ ትፈትላለች፤ የሚሸምነው ግን የለም።

በስንት ቀኑ ግመለኛው መጣ። ጣቱ ላይ አንድ ስንዝር ድር ጠምጥሟል። እናቴ እልል አለች፤ እኔም ያለ ኀፍረት አለቀስሁ።

«ይኸንንም ላኩልህ» ብሎ የታጠፈ ወረቀት ሰጠኝ። «እንዲህ የሚል ከደረሰው እንዳይሄድ ንገረው ብለዋል። ይኸ ደርሷቸው ወንድማቸው ሄዶ አልተመለሰም። ያንተን የመለሱልህ ና ስላላልሃቸው ነው።»

ገለጥሁት። «ድር በብዛት የምፈልግ ሰው ነኝ። ጁምዓ ጠዋት ናሙና ይዘው ድልድዩ ድረስ ፈጥነው ይምጡ። እጠብቅዎታለሁ።»

ያ ረቢ! የኔ ደብዳቤ ነው፤ ቃል አልጎደለው። በኔ እጅ የተጻፈ አልነበረም እንጂ። «ሰው» የሚለው ላይ ሰ ታነክሳለች።

ገበያው ሲበተን ሄጄ ወረቀቱን ሽማግሌው ፊት አስቀመጥሁ። አላነሱትም።

«ሰውዬው ደህና ናቸው?» አሉኝ።

«እሳቸው ደህና ናቸው። ወንድማቸው ግን ሄዶ ቀርቷል።»

«ጣልያኖቹ ቢሮ እያስጠሩኝ፣ ለአርበኛ ያቀብላሉ ለሚሏቸው ነጋዴዎች ያስጽፉኝ ነበር። መጀመሪያ አላወቅሁም። ኋላ ሳውቅ ደግሞ ፈራሁ። ፈጥነው ይምጡ ያልኋቸው ሁሉ ፈጥነው መጡ።» ወደ ባዶዎቹ ቦታዎች አንድ በአንድ አዩ፤ ሰው የተቀመጠባቸው ይመስል ለእያንዳንዱ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ።

ተናደድሁ፣ አዘንሁላቸውም፤ የቱ እንደሚበልጥ እስከ ዛሬ አላውቀውም። ድሩን፣ ሕይወቴንም የሰጡኝ እሳቸው ናቸው።

ብዕራቸውን ወደኔ ገፉት። «ለሰውዬው አንድ ቃል መላክ እፈልጋለሁ። መልስ አልጠብቅም በልልኝ። አንተ ጻፍልኝ፤ የኔን እጅ ያውቁታል።»

ብዕሩን መልሼ ገፋሁላቸው።

«ጋሼ» አልሁ፣ «በራስዎ እጅ ይጻፉት።»

ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። «ስለ ወንድምዎ» ብለው ሊጀምሩ ነበር፤ «ስ»ን አንድ እግሯን አወረዱላትና አጭሯ እግር ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።