ሹል ጫማና ክብር

አስተማሪ የሚከበረው በሹል ጫማ ነው የሚለውን የሞኝ እምነት ይዤ ሃያ ዓመት ቆሜ አስተምሬያለሁ። በመጨረሻ የግራ እግሬ አውራ ጣት ጎረቤቱ ጣት ላይ ተጋደመ፤ ሥሩ ያለው አጥንትም እንደ ቀይ ሽንኩርት አብጦ ወጣ። ከሕመሙ የተነሣ ከሰዓት በኋላ ተቀምጬ ማስተማር ስጀምር፣ እንደኔው ሹል ጫማ የሚያደርገው ርዕሰ መምህር «መቆም ካቃተህ መዝገብ ቤት ትገባለህ» አለኝ።

ጫማውን እንዲያሰፋልኝ ኮልፌ ለሚሠራ ጫማ ሰፊ ወሰድኩት። የውስጥ ንጣፉን አውጥቶ መሬት ላይ አኖረና «ይቁሙበት ጋሼ» አለኝ። ስቆምበት ጣቶቼ በግራም በቀኝም ወለሉ ላይ ፈሰሱ።

«ይኼ እግር ለሌለው ሰው ነው የተሰፋው» አለ። «ጎኑን ብወጥረውም ጫፉ ያው ሹል ነው።»

«ሰፊ ብትሠራልኝ አጥንቱ ይመለሳል?»

«አይመለስም፤ ሕመሙ ግን ይቀልልዎታል። ነገ ከሥራ ሲወጡ ይምጡ። እግር የሚለካው ውሎ ሲያብጥ ነው።»

በማግስቱ ካርቶን ላይ አቁሞኝ የእግሬን ዙሪያ በእርሳስ አሰመረ። የሠራልኝ ጫማ ባለ ክር፣ አፍንጫው እንደ ዳቦ የተነፋ ነበር። ተማሪዎቹ ሳቁብኝ። እኔ ግን እስከ መጨረሻው ክፍለ ጊዜ ቆሜ ዋልኩ። ሊገመግመኝ የመጣው ርዕሰ መምህር ከኋላ ተቀምጦ፣ ሹል ጫማውን ከዴስኩ ሥር ቀስ አድርጎ አወለቀ።