በታምሬ ትንፋሽ ልክ

በሱዳኗ ዶካ ፊልም የሚታየው በጆሮ ነበር። ከመኪናው መንገድ ዳር፣ በሸራ በተጋረደው የቱርካ ቪዲዮ ቤት፣ ቴሌቪዥኑ በዐረብኛ ይናገራል፤ ከጎኑ ታምሬ ማይክሮፎን ይዞ በአማርኛ እየተረጎመ ይጮኻል። ከጎንደር ቆላ ለሰሊጥ አጨዳ የወረደው ሠራተኛ ተዋናዩን ሁሉ የሚያውቀው በታምሬ ድምፅ ነው። ዳኛውም ታምሬ፣ ሙሽራዪቱም ታምሬ፣ የምትሞተው እናትም ታምሬ። «ዛሬስ ታምሬ አሟሟቱን አሳመረው» እያሉ ይወጣሉ።

በኋላ ግን የታምሬ ጉሮሮ ተዘጋ። አቧራው፣ ዕድሜውና ጩኸቱ ተጋግዘው ድምፁን እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ የሚል አደረጉት። ለቱርካ ሁለት መንገድ ቀረው፤ ፊልሙን ትቶ ኳስ ብቻ ማሳየት፣ ወይም ትርጉሙን ከፊልሙ ግርጌ ማስጻፍ። ሁለተኛውን ለመሞከር ገዳሪፍ ሄዶ ምሥራቅን አገኘ።

ምሥራቅ በስደተኞች ሰፈር ተወልዳ ገዳሪፍ ያደገች ሴት ናት። ዐረብኛውን ከትምህርት ቤት፣ አማርኛውን ከእናቷ ከለተሥላሴ አፍ ተማረች። በአንድ ሱቅ የሰርግ ቪዲዮ እያቀናበረች፣ በሰው ደስታ ላይ የሰው ስም ስትጽፍ ዓመታት አልፈዋል። የቱርካ ፊልም ከሰመረ የየጁምዓው ፊልም ሁሉ የእሷ ይሆናል፤ ከሰርግ ወጥታ በራሷ ሥራ ትቆማለች። ካልሰመረ ኳስ ነው። እሷ ግን አልፈራችም። እጇን ታውቀዋለች።

ጽሑፉን ለብቻው በፋይል መስጠት አይሆንም ነበር። የዶካው ማጫወቻ የእኛን ፊደል ስለማያውቅ ባዶ ሣጥን ይደረድራል። ስለዚህ ፊደሉ ከሥዕሉ ጋር ተቃጥሎ፣ እንደ ንቅሳት ገላው ውስጥ መግባት አለበት። ንቅሳት ደግሞ አይፋቅም፤ ከተበላሸ ወደ ንጹሑ ፊልም ተመልሶ እንደገና ማቃጠል ነው። መጀመሪያ ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣውን ቀጭን ፊደል ሞከረች። በሱቁ ስክሪን ላይ ያማረው፣ በአሮጌ ቴሌቪዥን ሲታይ እግሩ ተሰበረ። ስታደልበው ደግሞ የ«ሌ» ቀለበት ተደፈነና «ሊ» መሰለች። በመጨረሻ መካከለኛ ውፍረት ያለው፣ ጌጥ የሌለው፣ ነጭ ሆኖ በቀጭን ጥቁር መስመር የተከበበ ፊደል መረጠች። አሮጌ ቴሌቪዥን የሥዕሉን ዳርና ዳር ስለሚውጥ ጽሑፉን ከግርጌው ከፍ አደረገችው። ከሁለት መስመር አላሳለፈችም። ፊደላችን ሰፊ ነው፤ ቢያጨናንቁት ይተፋፈጋል። መስመሩንም ሐሳቡ በሚያርፍበት ቆረጠችው፤ ቅጽልን ከስሙ አላፋታችም።

በጁምዓ ከሰዓት በኋላ በአውቶቡስ ዶካ ወረደች። ቤቱ ሞልቷል። ፊልሙ ወንድሙ ርስቱን የካደው ገበሬ ታሪክ ነው። ጽሑፉ ጥርት ብሎ ወጣ፤ ምሥራቅ እጇን አጣጥፋ ተደገፈች።

ወዲያው ቤቱ ተንጫጫ። እዚህ አገር ደብዳቤ የመጣለት ሰው ለብቻው አያነብም። ሰፈር ተሰብስቦ፣ ፊደል የቆጠረው ለሌላው ጮክ ብሎ ያነባል፤ ዝም ብሎ የሚያነብ የሚደብቀው ነገር አለው ይባላል። ፊልሙም እንደዚያው ሆነ። በየመደዳው ያለ አንባቢ ለጎረቤቱ ያነብ ጀመር፤ አንዱ ይሮጣል፣ አንዱ ፊደል ይቆጥራል። ማንም ሳይጨርስ ጽሑፉ ይጠፋል።

«እኔ 'ወንድሜ' ስል እሱ ሄደ» አለ አንዱ።

«ያንተ ንባብ በአህያ፣ ፊልሙ በሎሪ!» ብሎ ሳቀበት እንዳለው የሚባል ጓደኛው።

«አንተ ደግሞ አህያውም የለህ።»

ቱርካ ከበሩ ላይ ምሥራቅን አያት። «ኸላስ፣ በቃ። ከእንግዲህ ኳስ ነው።»

ይኼኔ ከፊት ጆንያ ላይ የተቀመጠው ታምሬ፣ በዚያች በተረፈችው ድምፁ ማንበብ ጀመረ። አልጮኸም፣ አይችልምም። የፊቶቹ የኋላዎቹን ዝም አሰኙ፤ እሱን ለመስማት ቤቱ ሁሉ ጸጥ አለ። ቢሆንም ጽሑፉ ቀድሞት እየሄደ ጅራቱን አስዋጠው። የአማርኛ ነገር ደግሞ ጅራቱ ላይ ነው፤ ይምጣ ይሂድ፣ ይሙት ይዳን የሚታወቀው መጨረሻ ላይ ነው። ምሥራቅ ፊልሙን ትታ የታምሬን ከንፈር ማየት ያዘች።

ሰው የሚያውቀውን ነገር በራሱ ቁመት ይለካል፤ ልኩ ትክክል ስለሆነም የተሳሳተ አይመስለውም። እሷም ሰዓቱን የለካችው ሱቅ ውስጥ ለብቻዋ፣ በራሷ ዓይን ነበር።

ፊልሙ አልቆ ሰው ሲወጣ ቱርካን ያዘችው። «ጥፋቱ የኔ ነው። ለዓይን ለካሁት። እዚህ ቤት የሚነበበው በአፍ ነው።»

«አፍ ያለውማ ድምፁ ሄደ።»

«ማን ጩኽ አለው? ሹክ ሲል ቤቱ ሲሰማው አላየህም? አንድ ጁምዓ ስጠኝ።»

ቱርካ አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «አንድ። ከዚያ ወዲያ እኔን አትውቀሺኝ።»

ወደ ታምሬ ዞረች። «አያ ታምሬ፣ ገዳሪፍ ድረስ ትሸኘኛለህ? ትንፋሽህን ልዋሰው።»

«የቀረኝ እሱ ነው፤ ውሰጂው» አለ ታምሬ።

ሱቁ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እሱ እያንዳንዱን ጽሑፍ ያነባል፤ እሷ ትለካለች። ተዋናዩ አፉን ሲከፍት ጽሑፉ ይገባል፤ ታምሬ ሳይጨርስ አይወጣም። ተዋናዩ ቢጨርስም ትዕይንቱ እስካልተቀየረ ድረስ ታቆየዋለች። ቦታ ሲጠፋ ቃል ትቀንሳለች። ረጅሙን ታምሬ በሚተነፍስበት ለሁለት ትከፍለዋለች። ዓይን መለወጡን እንዲያውቅ በአንዱና በሌላው መካከል ቅጽበት የምታህል ባዶ ተወች።

«'ኧረ በእግዜር ይዤሃለሁ' ለምን ተቀነሰ?» አለ ታምሬ።

«ፊቱ ይናገረዋል።»

«እኔ እዚህ ላይ ስድብ እጨምርለት ነበር።»

«ሰውየው አልተሳደበም እኮ።»

«እሱማ ጨዋ ነው። ሕዝቡ ግን ያላለውን ነበር የሚወድለት።»

ገበሬው ከዳኛው ፊት ቆሞ የሚያለቅስበት ቦታ ደረሱ። ቃል የለውም፤ ለቅሶ ብቻ ነው። «እዚህስ ምን ትል ነበር?» አለችው።

«ምን እላለሁ፤ አለቅስለት ነበር።»

ምሥራቅ ቦታውን ባዶ ተወችው። ሁሉንም ከንጹሑ ፊልም ላይ እንደገና አቃጠለችው።

በሚቀጥለው ጁምዓ ቤቱ እንደገና ሞላ። ታምሬ ጆንያው ላይ ተቀምጦ ማንበብ ጀመረ፤ ጽሑፉ ጠበቀው። ቃሉ ሲያልቅ ጽሑፉም ያልቃል፤ አዲሱ ሲመጣ ትንፋሹ ደርሷል። ለጎረቤቱ የሚያነብ ጠፋ። ቀልደኛው እንዳለው እንኳ አፉን ይዟል። ቱርካ ከበሩ ገብቶ ከኋላ መደዳ ተቀመጠ።

ከዚያ ገበሬው ከዳኛው ፊት ቆመ። ግርጌው ባዶ ሆነ። ታምሬ አፉን ዘጋ። ለቅሶው ብቻውን ወጣ፤ ወፍራም፣ የተቆራረጠ፣ የሰውየው የራሱ ድምፅ። ያን ድምፅ ዶካ ላይ ሰምቶት የሚያውቅ አልነበረም። ማይክሮፎን ይዞ ስንት ዘመን ከላዩ ሲጮኽበት የኖረው ታምሬም አንገቱን ቀና አድርጎ አዳመጠ።

«ለካ እንዲህ ነው ድምፁ» አለ አንድ ሽማግሌ በቀስታ።

ሰው ሲወጣ ቱርካ ሌላ ዲስክ ይዞ መጣና ለምሥራቅ ሰጣት። «ይቺን ለጁምዓ አድርሽልኝ።»

ታምሬ ዲስኩን ተቀብሎ ሽፋኑ ላይ ያለችውን ሴት አያት። «ይቺን አውቃታለሁ። ወሬ ታበዛለች» አለ። «ውሃ ይዤ እመጣለሁ።»