ሳልቀንሰው የቀረው ስድስት ሚሊዮን

አዋሽ ሰባት ኪሎ የሄድኩት የአንድ ትራንስፖርት ድርጅት ዋጋ ልተምን ነው። ዘጠኝ ተሳቢ መኪና ያለው፣ ከጅቡቲ ጭነት የሚያመላልስ፣ የሁለት ሰው ሽርክና ነበር፤ እኩል በእኩል። አንደኛው ሸሪክ አዋሽ ላይ ሆኖ መኪናና ሹፌር ሲያስተዳድር ኖሮ በድንገት ሞተ። ሁለተኛው፣ ሰመራ ተቀምጠው የጭነት ውል የሚይዙት ሐጂ፣ የሟቹን ግማሽ ከባለቤቱ ሊገዙ ፈለጉ። በመካከላቸው የገቡት ሽማግሌዎች "በግምት ሰው ይቀያየማል፣ የሚያውቅ ይተምነው" ተባባሉና እኔን ከአዳማ አስጠሩኝ። የሚያውቅ መሆኔ ነው እንግዲህ።

የሟቹ ባለቤት በሃምሳዎቹ መጨረሻ ያሉ ሴት ናቸው፤ እትዬ እላቸው ነበር። ከዋናው መንገድ ዳር አሥራ ሁለት ክፍል ያለው ቤት አላቸው። አሥራ አንዱን ለሹፌሮች ያከራያሉ፣ በአንዱ ይኖራሉ፣ ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም። ባልየው መኪና ሲገዛ ድርሻውን ለማዋጣት ይህንኑ ቤት በግሉ ባንክ አስይዞ ተበድሮ ነበር፤ ሲሞት ዘጠኝ ሚሊዮን ብር ቀርቶበታል። ባንኩ ስድስት ወር ሰጥቷቸዋል። ከድርሻው ሽያጭ ዘጠኝ ሚሊዮን ካገኙ ቤቱ ይተርፋል፣ ካላገኙ አይታወቅም። እኔም ይህን በመጀመሪያው ቀን ሰማሁና፣ ባልሰማሁት ይሻል ነበር፣ ሆዴ ወደ እሳቸው አደላ።

ከክፍሎቹ አንዱን ለቀው ሰጡኝ። ግድግዳው ከሰዓት በኋላ እንደ ምጣድ ይግላል፣ ቬንትሌተሩ ትኩስ አየር ይገርፈኛል፣ ውጭ መኪና ሲያቆምና ሲነሳ ላፕቶፔ ይንቀጠቀጣል። እትዬ ውሃ ይዘው ይመጡና በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል። "ይኼ ሳጥን ባሌን ሳያውቀው ነው ዋጋውን የሚነግረኝ?" አሉኝ አንድ ቀን። ሳቅንበት።

ሥራው ለሚያውቀው ውስብስብ አይደለም። ድርጅቱ በሚቀጥሉት አምስት ዓመታት የሚያገኘውን እገምታለሁ። ወለድ ሳልነካ ከሥራው ትርፍ ላይ ግብር እቀንሳለሁ፤ እርጅና ተብሎ በወረቀት ብቻ የተቀነሰውን መልሼ እደምራለሁ፤ ለአዲስ መኪና የሚወጣውንና በየደንበኛው እጅ ውሎ የሚያድረውን ገንዘብ እቀንሳለሁ። የሚተርፈው ነጻ ገንዘብ ባለቤቱም አበዳሪውም የሚካፈሉት ነው። የነገ ብር ከዛሬ ብር ያንሳልና፣ አበዳሪው የሚጠይቀውን ወለድና ባለቤቱ የሚጠብቀውን ትርፍ አመዛዝኜ ባወጣሁት ሃያ አምስት በመቶ ወደ ዛሬ እመልሰዋለሁ፤ ለእያንዳንዱ ዓመት አንዴ ለአንድ ነጥብ ሁለት አምስት እያካፈልኩ። ከአምስተኛው ዓመት ወዲያ ያለውን ዘመን በሙሉ ደግሞ በአንድ ቁጥር እጠቀልለዋለሁ። የማብቂያ ዋጋ የምንለው እሱን ነው።

የማብቂያ ዋጋው ሁለት ቀን በላብኝ። በአምስተኛው ዓመት መኪና አይገዛም ብዬ ስለነበር ነጻው ገንዘብ አሥራ ስድስት ሚሊዮን ሆኖ አበጠ። ያንን ይዤ ወደ ዘላለም ብሄድ እኮ ዘጠኙ መኪኖች አያረጁም ማለቴ ነው። በየዓመቱ ለመተኪያ የሚወጣውን ስድስት ሚሊዮን አስገባሁና ወደ አሥር አወረድኩት። ከዚያ በየዓመቱ አሥር በመቶ ያድጋል አልኩ፤ ስለዚህ በስድስተኛው ዓመት አሥራ አንድ ሚሊዮን። ያንን ከሃያ አምስት አሥር ተቀንሶ ለሚቀረው ለአሥራ አምስት በመቶ ሳካፍለው ሰባ ሦስት ሚሊዮን መጣ፤ ወደ ዛሬ ሲመለስ ሃያ አራት። የአምስቱ ዓመታት ድምር ሃያ ነጥብ አራት። የድርጅቱ ጠቅላላ ዋጋ በክብ ቁጥር አርባ አራት ነጥብ አራት ሚሊዮን። ያቺን የመኪና መተኪያ ሳላሳልፍ በመያዜ ለራሴ ኮራሁ። አይ የኔ ነገር።

የቀረው መቀነስ ብቻ ነበር። ድርጅቱ ባንክ ያለበት ዕዳ ሠላሳ ሁለት ሚሊዮን፣ በሒሳቡ ያለው ጥሬ ገንዘብ ስምንት ሚሊዮን፤ የተጣራ ዕዳ ሃያ አራት። ለባለቤቶቹ ሃያ ነጥብ አራት ይቀራል፣ ግማሹ አሥር ነጥብ ሁለት ሚሊዮን። ከዘጠኝ በላይ ነው። ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ፤ ሮጬ ሄጄ ነገርኳቸው።

እትዬ አልጋ ልብስ እያጠፉ ነበር። ቁጥሩን ሰምተው የያዙትን አስቀመጡ። ከዚያ፣

"ስምንት ሚሊዮን ባንክ አለ ያልከው የድርጅቱ ነው?" አሉ።

"በድርጅቱ ስም ነው ያለው።"

"ሹፌሮች እኮ ባሌ ጋ ገንዘብ ያስቀምጡ ነበር። የእኛም የሌላም መኪና ሹፌሮች። መንገድ ላይ እንዳይበተንባቸው፣ ለመኪና መግዣ እንዲጠራቀምላቸው። ከዚያ ውስጥ የሰው ገንዘብ ያለበት ይመስለኛል።"

"ስንት ነው? ሰነድ አለ?"

"እሱ በቃል ነበር የሚይዘው። ሰዉም በቃል ነው የሚያምነው።"

በባንኩ መግለጫ ላይ ከየትኛው ጭነት እንደመጡ ያላወቅኳቸው ገቢዎች አይቼ ነበር። ሃምሳ ሺህ፣ ሰማንያ ሺህ፣ እንዲህ እንዲህ እያሉ የተጠራቀሙ። ከጭነት ገቢው ለይቼ "ልዩ ልዩ" ከሚለው ውስጥ አስቀምጬ አልፌያለሁ። እትዬ ያሉኝን ሰምቼ ተመልሼ ባጣራቸው ግማሽ ቀን አይፈጅብኝም ነበር። ግን የ"ልዩ ልዩ"ው ድምር ስድስት ሚሊዮን ያህል ነው፤ ሁሉም የሰው ቢሆንስ? ድርሻቸው ወደ ሰባት ይወርዳል፣ ቤቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። "እትዬ፣ ወረቀት የሌለው ዕዳ ዕዳ አይባልም፤ እርስዎ ዝም ይበሉ፣ ቤትዎ ይተርፋል" አልኳቸው። አፋቸውን አዘጋኋቸው ማለት ነው። "አንተ ታውቃለህ ልጄ" አሉና አልጋ ልብሱን ማጠፍ ቀጠሉ።

ሰመራ ሐጂ ቢሮ ስንሄድ በደንብ ፈተኑኝ። "ለባንክ የምንከፍለውን ወለድ የት አደረስከው?" አሉ። ወለዱን እዚያ አልቀንስም፣ ዕዳው ራሱ መጨረሻ ላይ በሙሉ ይቀነሳል፣ ሁለቱንም ብቀንስ አንዱን ዕዳ ሁለቴ አስከፈልኩ ማለት ነው አልኳቸው። ገባቸው። "ይኼ ዘላለም ያልከውስ? መኪናው ዘላለም ይኖራል? እኔም አልኖርም እኮ" ብለው ሳቁብኝ፤ የመተኪያውን ስድስት ሚሊዮን አሳየኋቸው። ስለ ስምንቱ ሚሊዮን ግን አልጠየቁም፤ የአዋሹን ነገር ሁሉ ለሟቹ ትተው የኖሩ ሰው ናቸው። እትዬ አጠገቤ ተቀምጠው እጃቸውን ያያሉ። ውሉ ላይ ከፊርማው በፊት የነበረ ያልታወቀ ዕዳ ከተገኘ ሐጂና እትዬ እኩል ይሸከሙታል የሚል አንቀጽ ነበረበት። እንዲህ ያለ አንቀጽ ሁሉም ውል ውስጥ አለ፣ ማን ያነበዋል።

ሐጂ ከወዳጅ ተበድረው ጭምር ከፈሉ። እትዬ ዘጠኙን ሚሊዮን ለባንኩ ሰጥተው የቤታቸውን ካርታ ተቀበሉ። በተረፈው ጣሪያውን በአዲስ ቆርቆሮ አስለወጡ፣ ፍራሽ ቀየሩ። ደውለው "ዛሬ የራሴ ቤት አደርኩ" አሉኝ። እኔም ሰው ያዳንኩ መሰለኝ።

በአራተኛው ወር ሐጂ ደወሉ። አንድ ሹፌር መኪና ሊገዛ ገንዘቡን ጠይቆ መጥቷል፤ በማግስቱ ሦስት፤ በሳምንቱ ሃያ ሁለት ሆኑ። "ና" አሉኝ፣ ሌላ አላሉም። ሰመራ ተቀምጬ የባንኩን መግለጫ ከእያንዳንዱ ሹፌር ቃል ጋር አስተያየሁ። ቀኑም ብሩም ገጠመ። አንዱ እንኳ አልዋሸም። ድምሩ ስድስት ሚሊዮን ሆነ።

"ምስክር የላቸውም፣ ፍርድ ቤት ቢሄዱ..." ብዬ ጀመርኩ።

"አላህ ምስክር ነው" አሉ ሐጂ። "የሞተ ሰው አማና፣ አደራ ነው። ዛሬ ይከፈላቸዋል።" ከፈሏቸው።

ከዚያ እኔ ሒሳቡን እንደገና ሠራሁ። መኪኖቹም የማብቂያ ዋጋውም ምንም አልተነኩም፤ አርባ አራት ነጥብ አራቱ እንዳለ ነው። የድርጅቱ የራሱ ጥሬ ገንዘብ ግን ሁለት ሚሊዮን ብቻ፣ የተጣራ ዕዳው ሠላሳ፣ ለባለቤቶቹ የቀረው አሥራ አራት ነጥብ አራት፣ ግማሹ ሰባት ነጥብ ሁለት። እትዬ ሦስት ሚሊዮን መመለስ አለባቸው። ሐጂ ሦስት ወር ጠበቁ፤ የወዳጃቸው ብድር ሲደርስባቸው ከዚያ በላይ አልቻሉም፣ ክፉ ሰው ሆነው አይደለም።

ለእትዬ የነገርኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱን ዘርግቼ ሳስረዳ አላቋረጡኝም። ነግሬህ ነበር ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ አላሉኝም። "ሹፌሮቹ ተከፈሉ?" ብቻ አሉ። ተከፍለዋል አልኳቸው። "ተመስገን" አሉ፣ ተነስተውም ነጠላቸውን ለበሱ፤ ባንክ እንሂድ ማለታቸው ነው።

የባንኩ ብድር ክፍል ኃላፊ ወጣት፣ ትሑት ልጅ ነው። ቤቱን መልሰው አስይዘው ሦስት ሚሊዮን እንዲበደሩ ጠየቅነው። ራሱን ነቀነቀ። አዲስ ብድር ቆሟል፣ መቼ እንደሚከፈት አይታወቅም አለ። ከዚያ የቀድሞውን ፋይል አገላብጦ፣ ደግነት መስሎት፣ "እትዬ፣ ያኔ ዘጠኙን በአንዴ ባይዘጉት ይሻል ነበር" አላቸው። "ሰባት ሚሊዮን ይዘው ቢመጡ የቀረውን አራዝመን በአምስት ዓመት ከክፍሎቹ ኪራይ እንዲከፍሉ እናደርግ ነበር። የነባር ብድር ማራዘም ዛሬም አልተከለከለም። የተዘጋ ብድር ግን አይከፈትም።"

ሰባት ሚሊዮን። እሳቸው በነገሩኝ ቀን ብጽፈው ኖሮ የሚመጣው ቁጥር ሰባት ነጥብ ሁለት ነበር። ኃላፊው ፋይሉን ዘጋ፣ ሌላ ባለጉዳይ ጠራ፣ እኛ ከወንበሩ አልተነሳንም።

ቤቱ ለቸኮለ ሰው በሚሰጠው ዋጋ ለአንድ የነዳጅ ነጋዴ ተሸጠ። እትዬ የሐጂን ሦስት ሚሊዮን ከፍለው በቀረው ገንዘብ መተሐራ እህታቸው ዘንድ ገቡ፤ እዚያ በዚያ ገንዘብ አሥራ ሁለት ክፍል አይገኝም፣ በዚያ ዕድሜም እንደገና አይጀመርም። ዕቃቸው ሲጫን ሄጄ ነበር። ይቅርታ ልላቸው ስጀምር እጄን ያዙኝ።

"ለእኔ ብለህ ነው" አሉ፣ "አውቃለሁ።"

እውነታቸውን ነው። ለእሳቸው ብዬ ነው ያልጻፍኩት።