የብልቃጥ ቡናና የባለቤቴ ቆርቆሮ

ባለቤቴ በግንቦት ሞተች። እኔ አላለቀስኩም። በለቅሶው ድንኳን ውስጥ አንዲት ሴት ለጎረቤቷ «ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም» ስትል ሰምቻታለሁ። እኔ እንድሰማ ብላ ነው የተናገረችው። አልተቀየምኳትም። ለመቀየም እንኳ የሚሆን ነገር ውስጤ አልነበረም።

ባለቤቴ ከመታመሟ ሁለት ቀን በፊት ቆልታ የወቀጠችው ቡና በአንድ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ከእጇ የቀረኝ የመጨረሻ ነገር እሱ ነው። ልብሷን እህቶቿ ለነዳያን ሰጡት፤ ቆርቆሮውን ግን ማንም ልብ አላለውም፤ እኔም ከመደርደሪያው አናት አስቀመጥኩት። አርባዋ ከወጣ በኋላ አንድ ማለዳ ክዳኑን ፈልቅቄ አሸተትኩት። ምንም አይሸትም። አፍንጫዬን እስከ ውስጥ አስገብቼ ሳብኩ፤ ምንም። በቃ፣ እኔም አብሬ ሞቻለሁ ማለት ነው አልኩና ክዳኑን መልሼ ጠበቅ አድርጌ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲያ አልነካሁትም።

ቡና ማፍላት አላውቅም። በእኔ ዘመን ያደገ የጎጃም ወንድ ማሳ ማረስና ዳዊት መድገም እንጂ ቡና መቁላት አልተማረም፤ ይህን እንደ ኩራት አልናገረውም። በዚያ ላይ የማስተምረው አማኑኤል ከተማ ነበር፣ የምኖረው ደብረ ማርቆስ። ሚኒባሱ ጎህ ሲቀድ ይሞላል። ከሰል አቀጣጥሎ፣ ቆልቶ፣ ወቅጦ፣ ጀበና አንተክትኮ ለአንድ ሰው አንድ ሲኒ መቅዳት የእብድ ሥራ ነው። ስለዚህ በፈላ ውኃ ብቻ የሚበጠበጠውን፣ ሰው ሁሉ በአንድ ፋብሪካ ስም የሚጠራውን፣ እኔ ግን የብልቃጥ ቡና የምለውን ገዛሁ።

የመጀመሪያውን በርካሽነቱ መርጬ ተሞኘሁ። ቤት ስከፍተው ከክዳኑ ሥር ያለው ወረቀት ተቀዷል፤ ቡናው እርጥበት ስቦ እንደ ጭቃ ጓል ደርቋል። በቢላ እየፋቅሁ ጠጣሁት፤ ያረረ እንጨት ያረረ እንጨት ይል ነበር። ከዚያ ደግሞ በትንንሽ ከረጢት የሚሸጠውን፣ ስኳርና ወተት የተቀላቀለበትን ሞከርኩ። እሮብ ዕለት መምህራን ማረፊያ ውስጥ በጥብጬ ወደ አፌ ሳስጠጋ፣ የአማርኛ መምህሩ ከረጢቱን አንስቶ አነበበና «ወተት አለበት እኮ፤ ጾም ልትገድፍ ነው» አለኝ። ብርጭቆውን እንደ ሞላ ተውኩት።

በመጨረሻ ያስተማረኝ ከአውቶቡስ መናኸሪያው በላይ ያለ ባለሱቅ ነው። ብልቃጡን ዘንበል አድርጎ አሳየኝ። «እይ፣ እንደ አሸዋ ከፈሰሰ ደረቅ ነው። ተያይዞ ከቀረ አትንካው። ቀኑን እይ። የተጻፈውን አንብብ፤ ቡና ብቻ ካላለ ሌላ ነገር አለው። ከላመው ዱቄት ይልቅ ጠጠር ጠጠር ያለው ይሻላል፤ አንተ ደግሞ ብቻህን ነህ፣ ትንሹን ውሰድ። በክረምት የተከፈተ ብልቃጥ አይቆይም። ማንኪያህም እርጥብ እንዳይሆን።»

ትንሹ ብልቃጥ ከአንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ይበልጥ ነበር ዋጋው። ባለቤቴ ብትሰማ ትስቅብኝ ነበር። እሷ በዚያ ኪሎ ግማሹን ሰፈር ስንት ቀን ታጠጣበታለች! ግን ሂሳቡ ለብቸኛ ሰው ሌላ ነው። ከሰል የለ፣ እንግዳ የለ፣ አተላ የለ። ውኃ በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ይፈላል፣ አንድ ማንኪያ፣ ማማሰል፣ መዋጥ። ጣዕሙን ብትጠይቁኝ መራራ ሙቅ ውኃ ነው እላለሁ። መራራነቱ ምላሴ ላይ ቀርቶ ወደ ሌላ ቦታ አይደርስም። ለእኔ የሚስማማው ይኸው ነበር።

አንድ ነገር ግን አላሰብኩበትም። የብልቃጥ ቡና ድምፅ የለውም። በሰፈራችን ሙቀጫ ሲመታ ጎረቤት ሳይጠራ ይመጣል። የእኛ ሙቀጫ ዝም ካለ በኋላ የመጣ ሰው የለም። ከአጥሩ ማዶ ያሉት አሮጊት ብቻ፣ ከባለቤቴ ጋር ሃያ ዓመት ሙሉ ተራ እየገቡ ቡና የተጣጡት፣ «ልጄ፣ ቡና ጠጣ!» እያሉ ይጣሩ ነበር። እኔም «ጠጥቻለሁ እትዬ» እላለሁ። እውነቴን ነው፤ ጠጥቻለሁ።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሳይጠሩኝ ራሳቸው መጡ። በትራቸውን ከበሩ አስደግፈው ተቀመጡ። የቤት ወግ ነውና የብልቃጡን ቡና በጥብጬ በሲኒ ሰጠኋቸው። ፉት አሉና ፊታቸውን ሳያኮሳትሩ ጨረሱት፤ ጨዋ ናቸው። ከዚያ ሲኒውን መልሰው ዘረጉልኝና ጠበቁ።

«ምን ልጨምርልዎ እትዬ?»

«ቶናውን ነዋ።»

«ይኼኛው ቶና የለውም። አንዴ ነው።»

«እንዴ! አንድ ሲኒ ጠጥቼ ልነሳልህ ነው? ነገር እንኳ ሳልጀምር?» አሉ። ሲኒውን አገላብጠው አዩት። «እና አንተ ይኼን ይዘህ ነው ጠጥቻለሁ የምትለኝ? ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል፣ ልጄ።»

ተነሱና መደርደሪያውን ይቃኙ ጀመር። እጃቸው ቆርቆሮው ላይ ሲያርፍ «አይንኩት!» ብዬ ጮህኩ። እናቴ በሚሆኑ ሰው ላይ እንዲያ ጮኼ አላውቅም። እሳቸው ግን አልደነገጡም።

«የእሷ ነው?»

«የእሷ ነው። ራሷ የወቀጠችው።»

ክዳኑን ከፍተው አሸተቱ። እኔ ፊታቸውን አየሁ። አንገታቸውን ነቀነቁ።

«ሽታው ወጥቷል፣ ልጄ። የተወቀጠ ቡና እኮ ጥቂት ሳምንት ቢቆይ ነው። ያ ብልቃጥህ ዓመት ይቀመጥ ይሆናል፤ ይኼ ግን አይጠብቅም። ያኔ መጠጣት ነበረበት።»

«አርባዋ በወጣ ሰሞን ከፍቼው ነበር» አልኳቸው። «ምንም አልሸተተኝም። እኔ ነኝ ብዬ…»

«አንተ ምን ሆንህ?»

ቆርቆሮውን ከእጃቸው ተቀብዬ ከደንኩት። እሳቸውም የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ፤ አንድ እፍኝ ጥሬ ቡና ቋጥረው ነው የመጡት። ጓዳ የቀረውን ከሰል አቀጣጠሉ፣ ቡናውን አጠቡት፣ ብረት ምጣዱ ላይ ደፉት። መጀመሪያ የተቀቀለ እህል ዓይነት ሽታ መጣ። ፍሬው ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ቀላ፣ ከዚያ መንጣጣት ጀመረ፣ ላቡን አወጣ። እኔ መስኮቱ አጠገብ ቆሜ ወደ ውጭ አያለሁ፤ ትቻቸው ለመውጣት ነበር የተነሳሁት።

ሽታው ደረሰኝ።

በአንድ ጊዜ ነው የደረሰኝ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ እሷ ጎንበስ ብላ ምጣዱን ስትወዘውዝ፣ እኔ የተማሪ ደብተር ሳርም፣ «ቀና በል እንጂ፣ ዓይንህ ይጠፋል» ስትለኝ። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። በግንቦት ያልመጣው ለቅሶ መጣ፤ እንደ ትልቅ ሰው ሳይሆን እንደ ሕፃን ጮኼ አለቀስኩ። በጣም አመመኝ። በአምስት ወር ውስጥ የሆነ ነገር ሲያመኝ የመጀመሪያው ነበር።

እትዬ አላባበሉኝም። ምጣዱን አወረዱ፣ በእሷ ሙቀጫ ወቀጡ። ድምፁን ሰምተው ሁለት ጎረቤቶች መጡ፤ አንደኛዋ ያቺ የድንኳኑ ሴት ነበረች። ዓይኔን አይታ ጥግ ይዛ ተቀመጠች።

ጀበናው ከመጣዱ በፊት እትዬ ከቆርቆሮው አንድ ማንኪያ ቀድተው ወደ እኔ አዩ። እሺ አልኳቸው። ከአዲሱ ጋር ጨመሩት። ሦስቱንም ጠጣን፤ አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን።

ለካ አፍንጫዬ ደህና ነበር።