አራት ጊዜ ሃያ አምስት

መካኒሳ የምትኖረው ሸጊቱ ባሏ ዘምቶ ከቀረ ወዲህ በምንም ነገር ልቧ አይደነግጥም። ሰው ቤት የምትሠራው እህቷ ኮርን ፍሌክስ የሚሉትን የፈረንጅ ቁርስ በካርቶን ስታመጣላት፣ ጎኑ ላይ ከአንድ ኩባያ ሥዕል ሥር በመሠረተ ትምህርት የለየቻቸውን ቁጥሮች አገኘች፤ በየመስመሩ ሃያ አምስት ከመቶ። አራቱን መስመር ደመረች፣ መቶ ሞላ። ድምር የተማረ ሰው ያየውን ሁሉ ቢደምር ማን ይፈርድበታል? አንድ ኩባያ ለቀኑ ከበቃኝ ብላ የቀበሌውን ዱቄት ለልጆቿ ተወችላቸው። ውላ አድራ ውኃ ልትቀዳ ሄዳ ቧንቧው ሥር ወደቀች።

ጤና ጣቢያ ነርሷ አማከለች የሸጊቱ ልጅ ከቤት ያመጣውን ካርቶን አገላብጣ አነበበችላት። «ይሄ እኮ አይደመርም። አንዱ የብረት ነው፣ አንዱ የቫይታሚን ኤ፣ ሁሉም ለየራሱ። አንድ ኩባያ ብትበዪ፣ አዋቂ ሰው በቀን ከሚያስፈልገው ብረት ሩቡን አገኘሽ ማለት ነው። ሆድ ስለመሙላት አያወራም።»

ሸጊቱ አልደነገጠችም፣ አላፈረችምም። ካርቶኑን ተቀብላ አጣጠፈችው።

«የቀረው ሦስት ሩብስ?»

«ከሌላው ምግብሽ ነዋ።»

«ከሌላው ምግቤ» አለች ሸጊቱ፣ የማታውቀውን ሰው ስም እንደምትደግም ሁሉ።